በሙሉ ዓመት ወይስ በቀኑ? የጣና ጀልባ ሂሳብ

ጎብኚዎችን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት የምታመላልስ ጀልባ እንገዛለን እንበል። መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. 500,000 ብር ይወጣል። የጥምቀት ሰሞን ገቢ ጥር 12 ቀን 2017 እና ጥር 12 ቀን 2018 ላይ 300,000፣ 300,000 ብር ሆኖ ይገባል። የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የምንመልስበት ዓመታዊ የቅናሽ መጠናችን 20% ነው። በኤክሴል ቀኖቹን A2:A4፣ ገንዘቡን B2:B4 ላይ እንጽፋለን፤ ወጪው B2 ላይ -500,000 ተብሎ ይገባል። ከዚያ የተጣራውን የዛሬ ዋጋ በሁለት ቀመሮች፣ በNPV እና በXNPV፣ እናሰላለን።

```
=NPV(20%,B3:B4)+B2
=XNPV(20%,B2:B4,A2:A4)
```

NPV፦ የመጀመሪያው ገቢ ልክ ከዓመት በኋላ እንደሚመጣ ይቆጥራል። ውጤቱ 41,667 ብር ኪሳራ ነው።

XNPV፦ ገንዘቡ በ111 ቀን እንደገባ ያያል፤ 111ን ለ365 ያካፍላል። ውጤቱ ወደ 20,300 ብር ትርፍ ነው። ጀልባዋ ያው ናት፣ ገንዘቡም ያው ነው። ውሳኔው ግን ተገለበጠ።

በቅለት NPV ይሻላል፤ ቀን አይጠይቅም። XNPV ግን ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ይፈልጋል፤ እኛን ዋጋ የሚያስከፍለን እዚህ ላይ ነው። ከሁለቱ የገቢ ቀኖች አንዱን ሳንለውጥ በ2017 ወይም በ2018 ዓ.ም. ብንተወው፣ ኤክሴል ዓመቱን እንደ ፈረንጆች ዓመት ያነባል። ገቢው ከግዢው በፊት ስለሚውል #NUM! ይመጣል። ሳይለወጥ የቀረው የግዢው ቀን ከሆነ ግን ስህተት አያሳይም፤ ዝም ብሎ ሰባት ዓመት ያህል ይጨምርብናል። ስለዚህ ቀኖቹን እርስ በርስ ቀንሰን 111 እና 476 መምጣታቸውን እንይ።

ኪራዩ በየዓመቱ በተመሳሳይ ቀን ለሚከፈል ሱቅ NPV ይበቃል። ገቢው በበዓል ሰሞን ለሚመጣ ጀልባ ግን XNPVን እመርጣለሁ።