ኪላዌያ ይፈሳል፣ ሴንት ሄለንስ ይፈነዳል

የሃዋዩ እሳተ ገሞራ የኪላዌያ ማግማ፣ ማለትም ከመሬት በታች የቀለጠው አለት፣ 50 በመቶ ገደማ ሲሊካ የተባለ የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ አለው። የአሜሪካው ሴንት ሄለንስ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲፈነዳ ግን ማግማው ከ60 በመቶ በላይ ነበረው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሲሊካ ሲበዛ ግን አተሞቹ እየተሳሰሩ ማግማውን እጅግ ያወፍሩታል።

ጉዱ ያለው ጋዙ ላይ ነው። ጥልቀት ላይ ግፊቱ ኋላ ጋዝ የሚሆነውን ውሃ ማግማው ውስጥ አሟሙቶ ይይዘዋል። ማግማው ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ጠርሙሱ እንደተከፈተ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ያወጣል።

ኪላዌያ ላይ ማግማው ቀጭንና በጣም ትኩስ ስለሆነ አረፋው በቀላሉ ያመልጣል፤ ማግማውም ላቫ ሆኖ ይፈሳል። ሴንት ሄለንስ ላይ አረፋው መውጫ አጣ። የተራራው ጎን ሲናድ ግፊቱ በአንዴ ወረደ፤ አረፋው ማግማውን አመድ አድርጎ በተነው።

ሲሊካ ብቻውን ግን አይወስንም። በኋላ እዚያው ተራራ ላይ፣ ጋዙ ቀድሞ የወጣለት ወፍራም ማግማ ቀስ ብሎ ወጥቶ ጉብታ ሠርቷል።