ብጉር ላይ የሚለጠፉ ፓቾች፦ ለየትኛው ብጉር የትኛውን እንግዛ?

ባለፈው ዓመት አገጬ ላይ ምስር የምታክል ጥቁር ነጥብ ነበረች። ጥፋቱ የብጉሩ ሳይሆን የጥፍሬ ነው። ብጉሩ መግል ቋጥሮ ነበርና ማታ መስታወት ፊት ቆሜ አፈረጥኩት። በማግስቱ የደረቀውን ቅርፊት ላጥኩት። በሦስተኛው ቀን ቅርፊቱ ሲመለስ እንደገና ላጥኩት። ብጉሩ ጠፋ፤ ነጥቧ ግን እስክትለቅ ስምንት ወር ፈጀባት።

በዚያው ሰሞን ጉንጬ ላይ የወጣውን ሌላ ብጉር ሳልነካው ፓች ለጠፍኩበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የት እንደነበር ራሴም ማሳየት አቃተኝ። የአንድ ሰው ፊት ማስረጃ አይሆንም፤ አውቃለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ የፓች ዓይነት እየገዛሁ ሞክሬያለሁ፤ ገንዘብ የሚያወጣውንና የማያወጣውን መለየት ስለቻልኩ ነው የምጽፈው።

ጥፍር ምን ያደርጋል?

ብጉር የተደፈነ የጸጉር ቀዳዳ ነው። ውስጡ ቅባት፣ የሞተ ቆዳና ባክቴሪያ ተጠራቅሟል። በሁለት ጣት ስንጫነው የሚታየን ወደ ውጭ የሚወጣው ብቻ ነው። የተቀረው የቀዳዳውን ግድግዳ ቀዶ ወደ ቆዳው ውስጥ ይገባል። ሰውነት ያንን እንደ ባዕድ ነገር ስለሚቆጥረው ሊዋጋው ይነሳል። ትንሽ የነበረው ብጉር ጠዋት አብጦና አካባቢውን ይዞ የሚነሳው ለዚህ ነው።

እንደ እኛ ጠየም ወይም ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ቁጣ ሲሰማቸው ሜላኒን አብዝተው ያመርታሉ። ነጣ ያለ ቆዳ ላይ ቀይ ምልክት ሲቀር፣ እኛ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ነጥብ ይቀራል። ቅርፊቱን በላጥን ቁጥር ቁስሉ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ቀለሙም ይጨመርበታል።

ጥቁር ነጥብና ጠባሳ ግን አንድ አይደሉም። ይህን የማይለይ ሰው ያለ ቦታው ገንዘብ ያወጣል። ዓይንዎን ጨፍነው በጣትዎ ጫፍ ቦታውን ይዳብሱት። ልሙጥ ከሆነ የቀለም ምልክት ነው፤ ወራት ይፈጃል እንጂ ብዙውን ጊዜ ይለቃል። ከጎረበጠ ወይም ከጎደጎደ ግን ጠባሳ ነው፤ የቆዳው ውስጠኛ ክፍል ተጎድቷል ማለት ነው። መስኮት አጠገብ ቆመው ብርሃኑ ከጎን ሲያርፍበት ጉድጓዱ ጥላ ይጥላል። ለዚህ የሚለጠፍ ነገር አይረዳም፤ የቆዳ ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው።

ፓቹ ምንድን ነው?

ፓቹ የሚሠራበት ሃይድሮኮሎይድ የተባለ ነገር የመጣው ከሆስፒታል ነው፤ መጀመሪያ የቁስል መሸፈኛ ነበር። ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል አየር ላይ ከደረቀው በእጥፍ ያህል ፈጥኖ ቆዳ እንደሚያለብስ አሳየ። «ቁስል አየር ይንካው፣ ይድረቅ» የሚለው የቤታችን ምክር እዚህ ላይ አይሠራም።

ፓቹ ውስጥ ውሃ የሚመጥ የሴሉሎስ ዱቄት ከማጣበቂያ ጋር ተዋህዷል። ከላይ ደግሞ ስስ ፕላስቲክ አለው። ከቁስሉ የሚወጣውን ፈሳሽ መጥጦ ወደ ጄል ይለወጣል፤ ያን ጊዜ መሃሉ ነጭ ሆኖ ያብጣል። ብዙ ሰው ያንን ነጭ ነገር አይቶ «መግሉን ሁሉ ሳበው» ይላል። አንድ ፓች ላይ ጠብታ ውሃ አድርገው ለጥቂት ሰዓታት ያቆዩት፤ ያው ነጭ እብጠት ይወጣል። ስለዚህ ነጭነቱ ፓቹ ፈሳሽ መምጠጡን ይነግረናል እንጂ ብጉሩ ከነሥሩ መነቀሉን አይነግረንም።

እ.ኤ.አ. በ2006 በታይዋን 20 ሰዎች ላይ ተሠርቶ የታተመ ትንሽ ጥናት ነበር። ሃይድሮኮሎይድ የተለጠፈላቸው ተራ የቆዳ ፕላስተር ከተለጠፈላቸው ይልቅ ተሻሽለው ታይተዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ብዙ ሊባልበት አይገባም። በእኔ ግምት የፓቹ ትልቁ ጥቅም ግን ቀላል ነው፤ እጅን ይከለክላል። ፊቴን ስዳብስ ጣቴ የሚያገኘው ልሙጥ ፕላስቲክ ነው። የሚቧጠጥ ቅርፊት የለም።

ወፍራሙና ስሱ

ሁለቱም ያለ መድኃኒት የሚሠሩ ተራ ፓቾች ናቸው። ወፍራሙ ብዙ ፈሳሽ ይመጥጣል፤ ለማታ ነው። ነጭ አናት ላወጣ ወይም በራሱ ለፈረጠ ብጉር ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም። ችግሩ መታየቱ ነው፤ ትራስ ላይ ሲተኙ ጠርዙ ሊነሳም ይችላል።

ስሱ ጠርዙ ከቆዳ ጋር ይመሳሰላል። ቢሮ ወይም ትምህርት ቤት ለጥፈውት ቢሄዱ ብዙ አይታወቅም። የሚመጥጠው ግን ትንሽ ስለሆነ ብዙ ፈሳሽ ላለው ብጉር ቶሎ ይሞላል። እጁ አላርፍ ላለው ሰው ቀን ቀን የምመክረው ይህንን ነው።

ሲገዙ መጠኑን ይዩ። ታዋቂው የኮሪያ ኮስአርኤክስ በአንድ እሽግ ሦስት መጠን ይይዛል፤ 7፣ 10 እና 12 ሚሊ ሜትር። የተለያየ ብጉር ለሚወጣበት ፊት ይህ ይመቻል። ማይቲ ፓች የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ምርት የመጀመሪያው ዓይነት 12 ሚሊ ሜትር ነው። ፓቹ ከብጉሩ ዙሪያ ጤናማ ቆዳ ላይ ጥቂት ማለፍ አለበት፤ ካልሆነ የሚጣበቅበት የለውም።

መድኃኒት የተቀላቀለበት

ሳሊሲሊክ አሲድ ወይም የሻይ ዛፍ ዘይት ያለበት ፓች በዋጋ ብዙውን ጊዜ ከተራው ከፍ ይላል። ገና ላልፈረጠ፣ ላይኛው ላይ ላለ ትንሽ ብጉር ሊረዳ ይችላል። የተቀደደ ቆዳ ላይ ግን ያቃጥላል። የኛ ቆዳ ደግሞ መቆጣቱን በጥቁር ነጥብ ነው የሚመልሰው። አንዴ ሌሊቱን ሙሉ ለጥፌው አድሬ ጠዋት በፓቹ ልክ ክብ ቅላት ታትሞ አገኘሁት። ብጉር ነካክተው ካቆሰሉት ይህን አይግዙ።

መርፌ ያለው

ማይክሮኒድል የሚባለው ከስሩ የሚሟሙ ጥቃቅን ጫፎች አሉት። የሚሠሩትም በአብዛኛው ከሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። ሐሳቡ መድኃኒቱን ከቆዳው የላይኛ ሽፋን አሳልፎ ማድረስ ነው። ድፍን ሆኖ ውስጥ ውስጡን ለሚያም ብጉር የተዘጋጀው እሱ ነው፤ ተራ ፓች እዚያ የሚመጥጠው ፈሳሽ አያገኝምና። ዋጋው ግን ከሁሉም ይከብዳል። ብጉሩ ገና ሲጀምር ካልተለጠፈ ጥቅሙ ይቀንሳል። ከሠርግ በፊት ላለ ሳምንት ይገባኛል፤ ለዘወትር ግን አይመስለኝም።

ከፋርማሲ የሚገዛው ሉህ

ብጉር የሚበዛበት ሰው ይህን ቢያስብበት እወዳለሁ። እንደ ዱኦደርም ያለ ስስ የቁስል መሸፈኛ በ10 በ10 ሴንቲ ሜትር ሉህ ይሸጣል። በ12 ሚሊ ሜትር ቢቆርጡት በአንድ ጎን 8፣ በሌላው 8 ይወጣል፤ 64 ፓች ማለት ነው። የሉሁን ዋጋ ለ64 ያካፍሉ፣ የተዘጋጀውን እሽግ ደግሞ በውስጡ ላለው ቁጥር ያካፍሉ። የሚያዋጣውን ያኔ ያገኙታል።

መቀሱን በአልኮል ይጥረጉት። ማዕዘኖቹን ክብ አድርገው ይቁረጡ፤ ሹል ጥግ ቶሎ ይነሳል። የተቆረጠው ጠርዝ እንደ ተዘጋጀው ስላልሳሳ ሜካፕ ስር ይታያል። አንዴ የተከፈተ ሉህ ንጽሕናው እንደ መጀመሪያው አይሆንም፤ የቀረውን ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ዘግተው ያስቀምጡ። ተራ የቁስል ፕላስተር ግን አይተካውም። ከመሃሉ ጨርቅ ያለበት ከሆነ ሃይድሮኮሎይድ አይደለም።

እንዴት ይለጠፋል?

ጉንጬ ላይ የነበረውን እንዳደረግኩት ልንገራችሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ፊቴን ታጠብኩ፤ ብጉሩ ነጭ አናት ነበረው። በንጹሕ ፎጣ ሳላሸው ጠረግኩት፤ አሥር ደቂቃ ያህል እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ቫዝሊንም ክሬምም አላደረግኩም፤ ቅባት ካለ አይጣበቅም። ፓቹን ለጥፌ በጣቴ ሙቀት ለአሥር ሰከንድ ያህል ጫንኩት። ክሬሜን የቀባሁት በዙሪያው ነው።

ጠዋት መሃሉ ነጭ ነበር። ከጠርዙ ቀስ ብዬ አነሳሁት፤ ብጉሩ ቀንሷል፤ ጥቂት እርጥበት አለው። ሁለተኛ ለጠፍኩ። በማግስቱ ጠዋት ፓቹ እንዳለ ግልጽ ነበር፤ የሚመጥጠው ፈሳሽ አልነበረምና አቆምኩ። ከዚያ በኋላ መለጠፉ ትርጉም የለውም፤ እጅ ለመከልከል ካልሆነ በቀር።

ፓቹ ስር ካሳከከ ወይም ክብ ሽፍታ ከወጣ ማጣበቂያው አልተስማማዎትም፤ ያንሱት። እብጠቱ ከጨመረ፣ ቦታው ከጋለ ወይም ትኩሳት ካለ ፓቹን ትተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ በተለይ ከአፍንጫ እስከ ላይኛው ከንፈር ባለው ቦታ። ደረትና ትከሻቸው ላይ ጠባሳቸው እየወፈረ የሚያድግባቸው ሰዎችም ብጉሩ ሳይበዛ ሐኪም ቢያዩ ይሻላል።

ሱቅ ገብተው ለአሮጌ ጥቁር ነጥብ ፓች ከጠየቁ ግን ሻጩ ይሰጥዎታል፤ አይሠራም። በዚያ ገንዘብ ሰንስክሪን ይግዙ፤ ጸሐይ ነጥቡን ታጠቁራለች። ፊት ያቀላል የሚባል ስሙ ያልታወቀ ክሬም ደግሞ አይንኩ። ብዙዎቹ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ስቴሮይድ ራሱ ብጉር ያወጣል።