ለኦዲት ግኝት መልስ፦ መከላከል ይሻላል ወይስ ማመን?

ምዕራብ ጎጃም ያለ አንድ የወረዳ ንብረት ክፍልን ለምሳሌ እንውሰድ። የዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ 60 ከረጢት የበቆሎ ዘር ይላል፤ ቆጠራው ያገኘው 52 ነው።

መከላከል፦ «የሰው ኃይል እጥረት አለብን፤ ዘሩም ለአርሶ አደሩ ደርሷል።» ለመጻፍ ቀላል ነው። ኦዲተሩ የጠየቀው ግን 8ቱ በየትኛው ሰነድ እንደወጡ ነው። እሱ ስላልተመለሰ ግኝቱ ሳይዘጋ ይቆያል።

ማመን፦ «ልዩነቱ ትክክል ነው። 5 ከረጢት ያለ ሞዴል 22 የንብረት ወጪ ደረሰኝ፣ በቃል ትእዛዝ ወጥቷል፤ የተረካቢዎቹ የፊርማ ማረጋገጫ ተያይዟል። የ3ቱን እያጣራን ነው፤ ውጤቱን እስከ ጥር 30 እናቀርባለን። ከዛሬ ጀምሮ ሞዴል 22 ሳይፈረም ዕቃ አይወጣም፤ ይህን የሚያስፈጽመው የንብረት ኃላፊው ነው።» ይሄኛው የቀናት የሰነድ ፍለጋ ይጠይቃል። አደጋም አለው፦ ያልተጣራውን «ጠፍቷል» ብሎ የፈረመ ዕዳ ሊሸከም ይችላል፤ ስለዚህ የታወቀው ብቻ ይታመን። ቀን ወደ ኋላ ጥሎ ሞዴል 22 መሙላትማ ጭራሽ አይሞከር፤ የአሠራር ጉድለቱን ሐሰተኛ ሰነድ ያደርገዋል።

ከቆጠራው በፊት የተፈረመ ሞዴል 22 እጅዎ ላይ ካለ ግኝቱን ይቃወሙ፤ ቁጥሩንና ቀኑን ጠቅሰው ኮፒውን ያያይዙ። ሰነዱ ከሌለ ሁለተኛውን መልስ ይጻፉ።