የደንበኛ መመዝገቢያ ሶፍትዌር የምትገዙ ባለሱቆች፣ ተጠንቀቁ

ደንበኛ በገዛ ቁጥር ነጥብ የሚቆጥርለት ሶፍትዌር የሚሸጡ ድርጅቶችን አካሄድ ታውቁታላችሁ፤ የመጀመሪያው ወር በነጻ ነው፣ ሠራተኛቸው ራሱ መጥቶ ይጭናል፣ ውሉም የሚቀርበው ሱቁ በገዢ በተጨናነቀበት ሰዓት ነው። ከእነዚህ ከአንዱ ገዝቼ ዛሬ የደረሰብኝን ንዴቴ ሳይበርድ እጽፋለሁ።

ጠዋት አንዲት የቆየች ደንበኛዬ መጥታ ከማታውቀው አበዳሪ የደረሳትን መልእክት አሳየችኝ። መልእክቱ በሙሉ ስሟ ጠርቶ፣ ለልደቷ እንኳን አደረሰሽ ብሎ፣ ብድር እንድትወስድ ይጋብዛታል። የአባቷ ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል፤ ያ ፊደል የጎደለው በእኛ መዝገብ ላይ ብቻ ስለሆነ መረጃው ከየት እንደወጣ ለመጠርጠር ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ወዲያው ለሶፍትዌሩ ድርጅት ደወልኩ። ሠራተኛዋ አላስተባበለችም። «ውሉ ላይ "ለአገልግሎት ማሻሻያና ለተያያዥ ዓላማዎች" ይላል፤ ፈርመዋል» አለችኝ። ደንበኞቼ ለዚህ አልተስማሙም ስላት ደግሞ፣ «ደንበኞቹ የእርስዎ ናቸው፤ መልሱንም እርስዎ ይስጧቸው» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከንቀቱ ይልቅ ያንገበገበኝ የንግግሯ ግማሽ እውነት መሆኑ ነው፤ መረጃው ለምን እንደሚሰበሰብ የሚወስነው ባለሱቁ ስለሆነ፣ በብዙ አገር ሕግ ተጠያቂነቱ ሶፍትዌር በመግዛት ብቻ ከእሱ ላይ አይወርድም።

ድርጅቱ የሻረው ግን መሠረታዊ መርህ ነው። ለነጥብ ብሎ ስልኩን የሰጠ ሰው ለነጥብ ብቻ ነው የሰጠው፤ ብድር ማስተዋወቅ ከዚያ ጋር የማይገናኝ አዲስ ዓላማ ስለሆነ ራሱን የቻለ ፈቃድ ይጠይቃል። «ተያያዥ ዓላማዎች» የሚል ሐረግ ዓላማን አይገልጽም፤ የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ በአንቀጽ 5 ዓላማው የተወሰነና በግልጽ የተነገረ ይሁን የሚለው እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ለመድፈን ነው።

እዚያው አንቀጽ ላይ ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ አትሰብስብ የሚል ሁለተኛ መርህ አለ። የእነሱ ቅጽ የልደት ቀንን እስከ ዓመተ ምሕረቱ፣ የቤት አድራሻንና የመታወቂያ ቁጥርን በቀይ ኮከብ ምልክት ያስገድዳል፤ ካልተሞሉ አይመዘግብም። ነጥብ ለመቁጠር ግን ስልክ ቁጥር፣ ወይም ስም የሌለበት ባለቁጥር ካርድ፣ ከግዢው ድምር ጋር ይበቃል። የልደት ቅናሽ ለመስጠት እንኳ የሚያስፈልገው ወሩ ነው፤ የትውልድ ዓመትና የመታወቂያ ቁጥር የሚጠቅሙት አበዳሪን ነው እንጂ ባለሱቅን አይደለም። ቅጹ ስልክ ብቻ ቢወስድ ኖሮ ያ መልእክት ስሟንም ልደቷንም ሊያውቅ ባልቻለ ነበር።

ከመፈረማችሁ በፊት የግዴታ ቦታዎቹን ማንሳት፣ ምዝገባውን ያቋረጠ ደንበኛንም መረጃ ከእነሱ ቋት ጭምር ማጥፋት ይቻል እንደሆነ ሠራተኛው ፊታችሁ ሠርቶ ያሳያችሁ። ካልቻለ አትፈርሙ።