ሰባት ወር ከቪፒኤን ጋር፦ ዱባይን በሙምባይ በኩል

ዶታ 2 የምጫወተው ዱባይ ባለው ሰርቨር ነው። ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ካለው ቤቴ ፒንጉ፣ ማለትም መረጃው ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ 235 ሚሊሴኮንድ ነበር። ጀግናዬን ሽሽ ብዬ እስኪሸሽ ድረስ ሞቶ ያድራል። ጓደኛዬ “ቪፒኤን ግዛ፣ ያፈጥነዋል” አለኝ። ቪፒኤን መረጃችሁን በራሱ ሰርቨር በኩል አዙሮ የሚልክ አገልግሎት ነው። አሜሪካ ያለች እህቴ በካርዷ ከፈለችልኝ። ይኸው ሰባት ወር ሞላኝ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ያማረረኝም የጠቀመኝም እሱው ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። “ፈጣኑን ሰርቨር” የሚለውን ነካሁ። ናይሮቢ ላይ አገናኘኝ፤ አፑ ላይ 70 ይላል። ደስ ብሎኝ ጨዋታው ስገባ 260! ለካ አፑ የሚለካው ከእኔ እስከ ቪፒኤኑ ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ከቪፒኤኑ እስከ ጨዋታው ያለው ገና ይደመርበታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ልስራ። በፋይበር ውስጥ መረጃ 100 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ 1 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከባሕር ዳር ዱባይ በአየር 2,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 24 ሚሊሴኮንድ። ገመዱ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም። በአዲስ አበባ አድርጎ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ከዚያ ባሕር ውስጥ ይገባል። እሺ፣ አራት እጥፍ ይሁን፤ 100 አይሞላም። 235 ከየት መጣ?

ቪፒኤኑን አጥፍቼ ዱባይ ወዳለ አንድ ሰርቨር መንገዱን በ`tracert` አየሁት። መሐል ላይ ያሉት ራውተሮች ስማቸው ውስጥ `mrs` እና `fra` የሚል አለ። ማርሴይ እና ፍራንክፈርት መሆናቸው ነው። መረጃዬ ዱባይ ለመድረስ አውሮፓ ደርሶ ይመለሳል። ከአባይ ማዶ ጊዮርጊስ ለመሄድ በዘጌ እንደመዞር በሉት። ቪፒኤን የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ዙር ሲኖር ነው። ርቀቱን አያሳጥርም፣ ሌላ መንገድ ያሲዛል እንጂ።

ታዲያ ዱባይ ያለውን መረጥኩ። አፑ 150 አለ፣ ጨዋታው 280። ሁለቱም ዱባይ ከሆኑ ልዩነቱ ጥቂት ሚሊሴኮንድ መሆን ነበረበት። 130 ልዩነት ካለ ማሽኑ ዱባይ የለም ማለት ነው። ባንዲራው የኤምሬትስ ነው፣ ማሽኑ አውሮፓ ተቀምጧል። በኋላ ሳየው አፑ ከስሙ ጎን “ቨርቹዋል” ብሎ በደቃቅ ፊደል ጽፎታል። ለዚህ ነው የተናደድኩት።

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅሁት ቦታ ነው። ሙምባይ በካርታ ከዱባይ አልፎ ነው፤ ማን ያስበዋል? ግን ከጅቡቲ ወደዚያ የሚሄድ የባሕር ገመድ አለ። አፑ 122 አሳየ፣ ጨዋታው 158። ስለዚህ ከሙምባይ ዱባይ 36 ብቻ ነው። ከ235 ወደ 158 መውረድ እጅ ላይ ይታወቃል። አሁን ሰርቨር የምመርጠው በጨዋታው ውስጥ ባለው ቁጥር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ዙር ተጫውቼ፣ ምሽት 2 ሰዓት ላይ።

ከአውሮፓ ጓደኞቼ ጋር በእነሱ ሰርቨር ስጫወት ግን አጠፋዋለሁ። ያለ ቪፒኤን 150 ነው፤ መንገዱ ድሮውንም ወደዚያው ነው። በፍራንክፈርት ቪፒኤን 163፣ ሙምባይን ረስቼ ከገባሁ ደግሞ 270።

ሌላው የተማርኩት ፕሮቶኮሉን፣ ቪፒኤኑ መረጃ የሚልክበትን ስልት ነው። ኦፕንቪፒኤን የሚባለው በቲሲፒ ሲሆን አንድ ፓኬት ከጠፋ የኋላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ጨዋታው ለአንድ ሴኮንድ ይደርቅና ከዚያ ሁሉም ነገር ባንዴ ይሮጣል። ዋየርጋርድ የሚባለው ሌላ ፕሮቶኮል ላይ ሳደርገው ይሄ ቀረ።

ቤት ውስጥ ላለ ችግር ግን ቪፒኤን ምንም አያደርግም። ታናሽ ወንድሜ ቪዲዮ ሲጭን ፒንጌ 400 ይገባል። ጥርጣሬ ሲገባችሁ ራውተራችሁን ጠይቁት፤ የብዙዎቻችን አድራሻ ይሄ ነው፦

```
ping -n 50 192.168.1.1
```

ከ5 ሚሊሴኮንድ በታች መሆን የሚገባው ወደ 80 እና 100 ከዘለለ ጥፋቱ ዋይፋዩ ላይ ነው። እኔ ኬብል ስሰካ ዝላዩ ጠፋ። የወንድሜ ጭነት ግን መስመሩን ራሱን ነው የሚሞላው፤ እሱን በልመና ነው የፈታሁት።

በአምስተኛው ወር አንድ ማታ ቪፒኤኑን ሳልከፍት ገባሁ፤ ፒንጉ 138። መንገዱ ተቀይሯል። እኔ ግን ስንት ቀን እንደሆነው ሳላውቅ በ158 ስጫወት ከርሜያለሁ። አሁን በየሁለት ሳምንቱ እያጠፋሁ አየዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ወደ 230 ተመልሷል። እህቴን ለሌላ ስድስት ወር እንድትከፍልልኝ ጠይቄያታለሁ፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው።