የሥራ ደንብ ትርጉም፦ ቃል በቃል ወይስ በአዋጁ ቃል?

የእንግሊዝኛውን የሠራተኛ ደንብ ወደ አማርኛ ስትመልስ ሁለት መንገድ አለህ።

ቃል በቃል፦ ፈጣን ነው፣ ወጪውም ትንሽ። ጣጣው ሕጋዊ ቃል ላይ ነው። "ሴቨራንስ"ን "የመለያያ ክፍያ" ብትለው ሰው ይገባዋል፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሚያውቀው ግን "የሥራ ስንብት ክፍያ"ን ነው።

በአዋጁ ቃል፦ አንቀጽ በአንቀጽ ማመሳከር ስለሚጠይቅ ቀን ይበላል። ደግነቱ ነጋሪት ጋዜጣ ሁለቱንም ቋንቋ ጎን ለጎን ያትማል፤ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። የሙከራ ጊዜን እይ፦ ጣሪያው 60 የሥራ ቀናት ነው። "የሥራ" የምትለዋ ከወደቀች ሠራተኛው ከሳምንት በላይ ቀድሞ ሙከራውን የጨረሰ ይመስለዋል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው።

ለሻይ ሰዓትና ለመኪና ማቆሚያ ማስታወቂያ የመጀመሪያው ይበቃል። ቅጣት፣ ፈቃድ ወይም ስንብት ከሆነ ሁለተኛው፣ እሱም ቢሆን የሕግ ባለሙያ ዓይቶት።