«ኤክሰስህን ልስጥህና እንጨርስ» ካሏችሁ ወረቀቱን ሳታነቡ አትፈርሙ

ሙሉ ኢንሹራንስ ገብታችሁ «እኔ ምን ቸገረኝ» ብላችሁ የምትነዱ ሰዎች ይህን አንብቡ። እኔም እንደዚያ ስል ነበር። አንድ ገጽ የማትሞላ ወረቀት ላይ ፈርሜ 75 ሺህ ብር ከኪሴ ወጣ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። መገናኛ አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሜያለሁ፤ ዝናቡ ይወርዳል። ከኋላዬ የመጣ አይሱዙ ፍሬን ሲይዝ ተንሸራቶ ቪትዜን ገጫት። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። የኋላው በር ግን ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ፓራውርቱ ወልቋል፣ መብራቶቹ አስፋልቱ ላይ ረግፈዋል። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን አነሳ። ቆሜ ስለተገጨሁ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማንም አልተከራከረም።

በማግስቱ የአይሱዙው ባለቤት ደወለ። ትሁት ሰው ነው፤ ይቅርታ ጠየቀ፣ ስለ ጤንነቴ ጠየቀ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ አለህ አይደል? መኪናህን እነሱ ይሠሩልሃል። ካንተ የሚወጣው ኤክሰሷ ብቻ ናት። እሷን እኔ እሰጥሃለሁ፣ በቃ እንጨርስ።»

ኤክሰስ ማለት ኩባንያው ካሳ ሲከፍል በናንተ ላይ የሚተወው ድርሻ ነው። የኔ ፖሊሲ ላይ 10 በመቶ ይላል። ጋራዡ 150 ሺህ ብር ገመተ፣ ስለዚህ የኔ ድርሻ 15 ሺህ፣ የኩባንያው 135 ሺህ ይሆናል። ሰውዬው 15 ሺህ ሰጠኝ ማለት እኔ አንድም ሳንቲም አላወጣሁም ማለት ነው። እንዲህ አስቤ ደስ እያለኝ ሄድኩ።

ፖሊስ ጣቢያ ብሩን ቆጥሬ ተቀበልኩ፣ ስምምነቱም ተጻፈ። «ለደረሰብኝ ጉዳት ካሳ የተቀበልኩ ስለሆነ ከእንግዲህ በባለንብረቱም ሆነ በሹፌሩ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ይላል። ፈረምኩ። ተጨባብጠን፣ ቡና ጠጥተን ተለያየን። ቡናውንም እሱ ነው የከፈለው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኢንሹራንሱ ጠራኝ። እኔ መኪናው ወደ ጋራዥ እንዲገባ ሊፈቅዱልኝ መስሎኛል። ክሌም ክፍል ያለችው ልጅ ከፖሊስ የመጣውን ዶሴ ገልጣ የኔን ፊርማ አሳየችኝ። «ይሄን የፈረሙት እርስዎ ነዎት?» አለች። ነኝ አልኳት። «እንግዲያው እኛ ማንን እንጠይቅ?» አለችኝ።

መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። እኔ ፕሪሚየም የምከፍለው መኪናዬ ሲጎዳ እንዲያሠሩልኝ ነው፤ ከአይሱዙው ባለቤት ጋር እነሱን ምን አገናኛቸው? ነገሩን የገለጠልኝ በኋላ ያማከርኩት የሕግ ሰው ነው።

የኢንሹራንስ ጉዳይ እስካሁን የሚዳኘው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። በ2013 አዲስ የንግድ ሕግ ወጥቷል፣ የኢንሹራንሱን ክፍል ግን አልነካውም። በዚያ ሕግ ቁጥር 683 ላይ «መዳረግ» የሚባል ነገር አለ። ቃሉ ከበድ ይላል፣ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። ኩባንያው ካሳ ከከፈላችሁ በኋላ በከፈለው ገንዘብ መጠን በናንተ ቦታ ይተካና ጉዳቱን ያደረሰውን ሰው ይጠይቃል። ገጪው የናንተን ፕሪሚየም ተጠልሎ እንዳያመልጥ ማለት ነው። ቢሮ ውስጥ ሪከቨሪ ይሉታል። መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ገጪው መኪና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው። እሱ ለንብረት ጉዳት የሚከፍለው ጣሪያ ስላለው፣ የሚተርፈውን ከባለንብረቱ ይጠይቃሉ። መሪውን የያዘው ሹፌሩ ቢሆንም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ባለንብረቱ ኃላፊ ነው።

አሁን ወጥመዱ ይታያችሁ። ኩባንያው የሚተካው በናንተ መብት ነው። እናንተ «ምንም ጥያቄ የለኝም» ብላችሁ ከፈረማችሁ የሚተካበት መብት የለም። ያው ቁጥር 683 ደግሞ መድን ገቢው መዳረጉን እንዳይቻል ካደረገ ኩባንያው በሙሉ ወይም በከፊል ከመክፈል ነፃ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። እኔ በ15 ሺህ ብር የሸጥኩት የራሴን ኤክሰስ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ የኩባንያውን 135 ሺህ ጨምሬ ነው የሸጥኩት።

የመጣልኝ ደብዳቤ አጭር ነበር፤ ካሳው አይከፈልም ይላል። አቤቱታ ጻፍኩ፣ ተመላለስኩ፣ ኃላፊ ዘንድ ገባሁ። ከሁለት ወር በኋላ «በልዩ ሁኔታ» ተብሎ 60 ሺህ ተፈቀደልኝ። 60 ከኩባንያው፣ 15 ከአይሱዙው፣ የቀረውን 75 ከኔ። ባልፈርም ኖሮ ቢከፋ ቢከፋ የምከስረው 15 ሺህ ነበር።

ወደ አይሱዙው ባለቤት መለስ ብዬ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ጨርሰናል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ፊርማዬ እዚያ ላይ አለ። አታሎኛል አልልም፤ እሱም እንደኔው አያውቅ ይሆናል። አንዳንዱ ግን አሳምሮ ያውቃል። ከኋላው 135 ሺህ የሚጠይቅ ኩባንያ እንደሚመጣበት የገባው ሰው 15 ሺህ ለመስጠት ቢቸኩል አይገርምም።

እና ገጪው ኤክሰሱን ልክፈል ካለ እምቢ ይባል? አይባልም። ግን ከመቀበላችሁ በፊት ለኢንሹራንሳችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ አብዛኛው ፖሊሲ ያለ ኩባንያው ፈቃድ መስማማትን ይከለክላል። ከፈቀዱ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ይለወጥ። እኔን ያድነኝ የነበረው ዓረፍተ ነገር ይህን ይመስላል፦ «የተቀበልኩት 15,000 ብር በኢንሹራንስ ውሌ መሠረት በራሴ ላይ የሚቀረውን የኤክሰስ ድርሻ ብቻ የሚመለከት ነው፤ ለቀረው ጉዳት እኔም ሆንኩ ኢንሹራንስ ኩባንያዬ ያለን የመጠየቅ መብት የተጠበቀ ነው።» ሰውዬው ይህን አልፈርም ካለ ብሩን የሚሰጣችሁ ለምን እንደሆነ አወቃችሁ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ኩባንያው ሪከቨሪ ሲያደርግ ኤክሰሱም አብሮ ይመለሳል ብሎ ማሰብ ነው። በራሱ አይመለስም። «በከፈለው መጠን» የምትለዋ ቃል እዚህ ጋ ትመጣለች። ኩባንያው 135 ከከፈለ የሚዳረገው በ135 ነው። 15ቱን እሱ ስላልከፈለ የመጠየቁ መብት የናንተው ሆኖ ይቀራል። ኩባንያው 135ቱን አስመልሶ ፋይሉን ዘግቶ ቢያስቀምጥ የበደላችሁ ነገር የለም። ኤክሰሳችሁ ግን ሜዳ ላይ ቀረ።

የሥራ ባልደረባዬ ከኔ ብልጥ ናት። እሷም በዚያው ሰሞን ተገጭታ ነበር፣ ኤክሰሷ 12 ሺህ ብር ነው። ካሳው ሊከፈላት ሲል ኩባንያው የሚያስፈርማትን ቅጽ ቁጭ ብላ አነበበችው። «በጉዳቱ ምክንያት ያለኝን መብት በሙሉ ለኩባንያው አስተላልፌአለሁ» የሚል መስመር አገኘች። «በሙሉ ከሆነ የኔስ 12 ሺህ?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጽፋ ኩባንያው ገጪውን ሲጠይቅ የሷንም ኤክሰስ ጨምሮ እንዲጠይቅላት፣ ሲገኝም እንዲመልስላት አመለከተች። ቅጂው ላይ የደረሰኝ ማኅተም አስመታች። በሰባተኛው ወር ተደውሎላት 12 ሺዋን ወሰደች። ያለ ማመልከቻው የሚደውልላት የነበረ አይመስለኝም።

ኩባንያው አልጠይቅላችሁም ካለ ራሳችሁ ጠይቁ። ለገጪው ባለንብረት ወይም ለሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ የፖሊስ ሪፖርቱን፣ ኤክሰሱን የከፈላችሁበትን ደረሰኝና ኩባንያችሁ የከፈለውን መጠን የሚያሳይ ደብዳቤ አያይዛችሁ ጻፉ። ጊዜው ግን ይሮጣል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ደብዳቤ መጻፍ ብቻውን ጊዜውን አያቆመውም፤ ወይ ሰውዬው ዕዳውን ማመን አለበት፣ ወይ ክስ መከፈት አለበት። «ኩባንያው እየጠየቀ ነው» ተብላችሁ ዓመት ከመንፈቅ ከቆያችሁ ተነሱ።

ፕላኑንም አደራ። ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2084 የሚነሳው ሁለቱም እኩል አጥፍተዋል ከሚል ግምት ነው፤ የአንዱ ሹፌር ጥፋት እስካልተረጋገጠ ድረስ ጉዳቱን ግማሽ ግማሽ ይካፈላሉ። ሪፖርቱ ጥፋቱን በግልጽ ካላስቀመጠ ኩባንያው ከ135ቱ ግማሹን ያጣል፣ እናንተም ከኤክሰሳችሁ ግማሹን። ስለዚህ መኪናው ከቦታው ከመነሳቱ በፊት የቆማችሁበትን መስመር፣ የጎማውን ምልክት፣ የሁለቱንም ታርጋ በስልካችሁ አንሱ። እኔ ያነሳሁት የቪትዜን የተሰበረ መብራት ብቻ ነበር።

አንድ የሚቀር ነገር አለ። የገጫችሁ ሰው አብሯችሁ የሚኖር ዘመድ ወይም የራሳችሁ ሠራተኛ ከሆነ፣ ሆን ብሎ ካላደረገው በስተቀር ኩባንያው እሱን ሊከስ አይችልም፤ ይህም 683 ላይ አለ። የጎረቤት ልጅ ከሆነ ግን ይከሰሳል። «እሱን ተዉልኝ» ማለት አይሠራም፤ እሱን ነፃ የሚያወጣ ወረቀት ከጻፋችሁለትም የኔ ዕጣ ይደርሳችኋል።

በኩባንያው መልስ ካልተስማማችሁ መጀመሪያ እዚያው በጽሑፍ አቤት በሉ፣ ቀጥሎ ኢንሹራንሶችን ወደሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ መሄድ ትችላላችሁ። እኔ የሄድኩት ዘግይቼ ነው። የያዝኩት ዶሴ ውስጥ ከላይ የነበረው ያው የፈረምኩት ወረቀት ነው።